የቁልቢው ጉዞ፦ ቪዛውን ከአይፓድ ላይ ፕሪንት ማድረጊያ

ለእትዬና ለጋሼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ከድሬዳዋ፣ ከዚራ

ይህን ወረቀት ልጆቹ ፍሪጁ በር ላይ ይለጥፉላችሁ። ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ቁጭ ብላችሁ፣ መነጽር አድርጋችሁ፣ ቡና ከጠጣችሁ በኋላ ጀምሩ።

«አይፓዱ ውስጥ አለ፤ ወረቀት ለምን?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት አጎታችንም እንዲሁ ብለው ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት በርረው ቦሌ ሲደርሱ አይፓዱ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። ቻርጀሩ ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣው ከኢሚግሬሽኑ ወዲያ ማዶ። ወረቀት ባትሪ አይጨርስም።

1. መጀመሪያ ዋይፋይ

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ አትዝለሉት። ጥርስ ያለው ግራጫ ክብ ምልክት Settings ይባላል። እሱን ንኩ፣ ከዚያ Wi-Fi የሚለውን። ራይት ምልክት ያለበት ስም የቤታችሁ ዋይፋይ መሆን አለበት፤ ፕሪንተሩም የሚሠራው በዚያው ነው። Guest የሚል ስም ላይ ከሆናችሁ አይፓዱና ፕሪንተሩ በአጥር ተለያይተዋል ማለት ነው። ቢጠራውም አይሰማውም። የቤታችሁን ስም ንኩና ቀይሩ።

ፕሪንተሩ መብራቱንና ወረቀት እንዳለው እዩ።

2. ኢሜይሉን ክፈቱ

ፖስታ የተሳለበትን ሰማያዊ ምልክት ንኩ። የቪዛውን መልእክት ክፈቱና ወደ ታች ውረዱ፤ ፋይሉ እዚያ ተያይዟል። አንዴ ብቻ ንኩትና ጠብቁ። ቶሎ ካልተከፈተ ደጋግማችሁ አትምቱት።

አደራ! «ቪዛችሁ እንዲጸድቅ ገንዘብ ጨምሩ» የሚል መልእክት ከመጣ አትክፈሉ፣ ለእኔ ደውሉ። የመንግሥቱ ድረ ገጽ evisa.gov.et ነው። ስሙ በአንዲት ፊደል ከተለየ ሌላ ነው።

3. ሳታትሙ አንብቡ

በሁለት ጣት ገጹን ዘርጉና አጉሉት። ፓስፖርታችሁን አጠገቡ አስቀምጡ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥር፤ አንዷ ታንብብ፣ አንዱ ፓስፖርቱን ይይ። (ጋሼ፣ መነጽር ሳያደርጉ «ትክክል ነው» አይበሉ።) ዜሮና ኦ የሚመሳሰሉበት ቦታ ላይ ቆም በሉ። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል በእነሱ December 28 ስለሆነ፣ ቪዛው ያን ቀን አልፎ እስከ መመለሻችሁ የሚቆይ መሆኑን እዩ። ስህተት ካለ አታትሙ፤ መጀመሪያ ይታረም።

4. ወደ ፕሪንተሩ ላኩት

ከላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ያለበት አራት ማዕዘን አለ። እሱን ንኩ። ዝርዝር ይወጣል፤ Print የሚለው ካልታያችሁ ዝርዝሩን በጣት ወደ ላይ ግፉት። የፕሪንተሩን ስም ምረጡ። Copies ከሚለው አጠገብ + ን ንኩና 2 አድርጉት። ቀለም አያስፈልግም፤ ጥቁርና ነጭ ይበቃል። በመጨረሻ Print ን ንኩ።

ወዲያው ካልወጣ አንድ ደቂቃ ታገሡ። አሥር ጊዜ የነካ ሰው አሥር ቅጂ ይቀበላል። እዚህ የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት በየቀኑ የማየው ነው።

5. እምቢ ካለ

No AirPrint Printers Found ካለ ፕሪንተሩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና ሞክሩ። አሁንም ካልሆነ ወደ 1 ተመለሱ። ያም ካልሠራ አትታገሉት፤ ኢሜይሉን ለልጆቹ አስተላልፉላቸው፣ ወይም አይፓዱን ይዛችሁ ሰፈራችሁ ያለው ላይብረሪ ሂዱ። ሠራተኞቹ ይረዷችኋል። በእነሱ ኮምፒውተር ኢሜይላችሁን ከከፈታችሁ ግን Sign out ሳትሉ አትነሡ።

6. ወረቀቱ የት ይቀመጥ?

አንዱ ቅጂ ፓስፖርቱ ውስጥ፣ አንዱ እትዬ የእጅ ቦርሳ ውስጥ። ሻንጣ ውስጥ በጭራሽ! ኢሚግሬሽን የምታልፉት ቦሌ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ያለው የአገር ውስጥ በረራ ስለሆነ ቪዛ የሚጠይቃችሁ የለም፤ ፓስፖርቱን ግን ከእጃችሁ አታርቁ።

ሲወጣላችሁ ፎቶ አንሥታችሁ በዋትስአፕ ላኩልኝ። ከከበዳችሁ በእናንተ ጠዋት 4 ሰዓት ደውሉ። እዚህ ያኔ ማታ 12 ሰዓት ነው፤ ሱቁን ዘግቼ ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ።