ጉዳዩ፦ ሳልጠየቅ በስሜ የቀረበው ማመልከቻ እንዲነሣ ስለመጠየቅ

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ዳዊት፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ትናንት በስልክ የተነጋገርነውን በጽሑፍ ማስፈር የፈለግሁት፣ ነገሩ በስልክ ተጀምሮ በስልክ እንዲያልቅ ስለማልፈልግ ነው። እርስዎ «አስተካክለዋለሁ» ብለውኛል። ምን እንደሚስተካከል ግን አልነገሩኝም፤ ስለዚህ እኔው ልንገርዎት።

እዚህ ጎንደር ለሚገኘው የእርዳታ ድርጅት ቅርንጫፍ፣ ለፋይናንስ አስተባባሪነት የሥራ መደብ በሥራና ሠራተኛ አገናኝነትዎ በእኔ ስም ያቀረቡት ማመልከቻ በጽሑፍ እንዲነሣ እጠይቃለሁ። ማመልከቻው ያለ እኔ ዕውቀትና ፈቃድ የቀረበ መሆኑን ለድርጅቱ የሰው ሀብት ክፍል ይጻፉላቸው፤ ግልባጩም ለእኔ ይድረሰኝ። «ዕጩዋ ሐሳቧን ቀይራለች» የሚል ደብዳቤ አልቀበልም። ሐሳብ ሳልሰጥ ሐሳቤን ልቀይር አልችልም።

ሲቪዬ እጅዎ የገባው አምና ነው። ባለቤቴ ወደ ባሕር ዳር ሊዛወር ታስቦ በነበረበት ጊዜ፣ እዚያ ለነበረ አንድ የሆቴል ሒሳብ ኃላፊነት እንዲያቀርቡልኝ ላክሁልዎት። ዝውውሩም ቀረ፣ ሥራውም ቀረ፣ እርስዎም ከዚያ ወዲህ አልደወሉልኝም። የላክሁት መልእክት አሁንም አለ፤ «ለዚህ ክፍት የሥራ ቦታ» ነው የሚለው። ለዚያ ቦታ የሰጠሁዎት ወረቀት፣ ዓመት ቆይቶ ሌላ ከተማ ላለ ሌላ ቀጣሪ፣ ለሌላ ዓይነት ሥራ እንዲቀርብ የፈቀድሁበት አንዲት ቃል ካለች ያሳዩኝ።

አሁን ደግሞ ስለ ሲቪው ራሱ። የሰው ሀብት ባለሙያዋን ቢሮዋ ድረስ ሄጄ አነጋግሬያት፣ ቅጂ ልትሰጠኝ ባትችልም ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ አሳይታኛለች። ከላይ የእናንተ አርማ አለ። የእኔ ስልክና ኢሜይል ተሰርዟል። ቀጣሪው በቀጥታ እንዳያገኘኝ መሆኑ ይገባኛል፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው፣ ሁሉም አገናኝ ያደርገዋል። ነገር ግን የእኔን ቁጥር ሲያወጡ፣ ከሁለተኛው ገጽ ግርጌ ስለ ሥራዬ ሊጠየቁ የሚችሉ ሰዎች በሚለው ሥር ያለውን የሆቴላችንን ሥራ አስኪያጅ ቁጥር እንዳለ ተውት። በዚያ ወረቀት ላይ ጎንደር ውስጥ ያለ ሰው አንሥቶ የሚያናግረው ስልክ እሱ ብቻ ነበር። እነሱም ደወሉ፤ ምን ያድርጉ?

ዓርብ ጠዋት የባንክ ማስታረቂያ እየሠራን ነበር። ገንዘብ ያዧ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊውና ምክትሌ ጠረጴዛዬን ከበው የአንድ አቅራቢ ደረሰኝ ሲያፈላልጉ፣ ሥራ አስኪያጁ ስልካቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙና፦ «ትዕግሥት፣ ልትለቂን ነው እንዴ? ለእኛ ብትነግሪን ምን ነበረበት?» አሉኝ። ምን እንደሚሉ ስላልገባኝ ዝም አልሁ። ዝም ማለቴ ደግሞ እንደ ማመን ተቆጠረ። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ደረሰኙን አስቀምጦ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ላይ ያገኘኋት የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ «እንኳን ደስ ያለሽ» ስትለኝ ወሬው የት እንደደረሰ አወቅሁ። እርስዎ አዲስ አበባ ሆነው ነው የሚሠሩት፤ እዚህ አንድ ሆቴል የሚሠራ ሰው የሌላውን ሆቴል ሰው በስሙና በደመወዙ ያውቀዋል።

ለሥራ አስኪያጁ የሆነውን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። አምነውኛል ብዬም አስባለሁ። አምና ስማቸውን ሲቪዬ ላይ ያስገባሁት ቢሯቸው ገብቼ አስፈቅጄ ነው፤ ባለቤቴ ሊዛወር መሆኑን ያውቁ ነበርና ሳያቅማሙ ፈቀዱልኝ። ይህን ስላስታወሱ ነው ነገሩ የበረደው። ሆኖም ለጥምቀት እንግዶች ዝግጅት የወጪ ዕቅድ ስንነጋገር፣ እስከ ዛሬ እኔ ብቻዬን በምገባበት ስብሰባ ምክትሌም እንድትገኝ ተጠርታለች። ምናልባት ምንም አላሰቡበትም፤ ምናልባትም አስበውበታል። እኔ ይህን እያሰላሰልሁ እንድሠራ ያደረገኝ የእርስዎ ኢሜይል ነው። ቱሪስት በተመናመነበት በዚህ ጊዜ ጎንደር ውስጥ የሆቴል ሥራ ይዞ መቆየት ቀላል ነገር እንዳልሆነ ሳይሰሙ አይቀሩም።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ፤ ከሁሉ ያስቆጣኝ እሱ ነውና። «የኤሲሲኤ ባለሙያ» ተብሎ ተጽፏል። አይደለሁም። ከ13ቱ ፈተናዎች ሁለቱ ይቀሩኛል፤ አምና በላክሁልዎት ሲቪ ላይም «በመከታተል ላይ» ነበር የሚለው። ይህን ማን እንደቀየረው አላውቅም፤ የቀየረው ሰው ግን ለእኔ ውለታ የዋለ ሊመስለው ይችላል። የሒሳብ ሰው ያልያዘውን ማዕረግ ይዣለሁ ብሎ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ ልንገርዎት። ቀጣሪው የምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ አይገኝም። ከዚያ በኋላ «አገናኙ ነው የጻፈው» ብትል ማን ይሰማሃል? ገንዘብ እንዲጠብቅ የሚቀጠር ሰው ገና ከበሩ ሲዋሽ ከተገኘ፣ ፋይሉ ይዘጋል። ይህን እርማት ከማንሻው ደብዳቤ ጋር አብረው እንዲጽፉ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ማመልከቻው ተነሥቶ ውሸቱ በስሜ እንዲቀር አልፈልግም።

«ወዲያውኑ ሥራ መጀመር ትችላለች» የሚለውም እውነት አይደለም። በሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ፤ ጥምቀት ደርሶ ሆቴሉ በሚሞላበት ወቅት ደግሞ ሕጉ ባያስገድደኝ እንኳ ጥዬ አልወጣም። የምጠብቀው ደመወዝ ተብሎ የተጻፈው 32,000 ብርም ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ስለ ደመወዝ ከእርስዎ ጋር ተነጋግረን አናውቅም።

ትናንት በስልክ «እህቴ፣ ዕድል ነው ያመጣሁልሽ፤ የማመልከቻው ጊዜ እንዳያልፍሽ ብዬ ነው» አሉኝ። እህት ከሆንሁ አስቀድሜ ልጠየቅ ይገባ ነበር። ቁጥሬ አልተቀየረም፣ ማስታወቂያውም ገና ታኅሣሥ 20 ነው የሚዘጋው፤ የአምስት ደቂቃ ስልክ ይበቃ ነበር። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዲሉ ሆነ እንጂ፣ ማስታወቂያውን እኔም አይቼው ነበር። እንዲያውም ሥራውን እፈልገዋለሁ። ይህን የምነግርዎት ሆን ብዬ ነው፤ የጉዳዩ ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ።

እኔ ራሴ በቀጥታ ባመለክት፣ አንድ ሰው በሁለት በር የገባ ይሆናል። ቀጣሪዎች ይህን አይወዱም። ኋላ ላይ «ዕጩዋን ያመጣናት እኛ ነን፣ የአገልግሎት ክፍያችንን» የሚል ጥያቄ እንዳይመጣባቸው ሲሉ፣ ሁለቱንም ማመልከቻ ወደ ጎን አድርገው ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋሉ። ባለሙያዋም በትሕትና ይህንኑ ነው የነገረችኝ፦ «እነሱ ካላነሡት የአንቺን መቀበል ይከብደናል።» እንግዲህ ሳልጠየቅ የተላከ ወረቀት፣ ልልከው ያሰብሁትን ወረቀት መንገድ ዘግቶበት ተቀምጧል። ስለዚህ ከማንሻው ደብዳቤ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳይጎድል፦ እኔ በራሴ ባመለክትና ብቀጠር፣ የእናንተ ድርጅት ከቀጣሪውም ሆነ ከእኔ ምንም ዓይነት ክፍያ እንደማይጠይቅ።

«ከእኔ» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ትናንት በወሬ መካከል «ስትቀጠሪ ስለ መጀመሪያው ወር ደመወዝ እንነጋገራለን» ብለዋል። አንነጋገርም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝን የሚያውቀው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ አካል አድርጎ ነው። ክፍያዎን ከቀጣሪ ያግኙ፤ በፈቃድ ላቀረቧቸው ሰዎች ይገባዎታልም።

ሕግ ካነሣሁ አይቀር፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ለአንድ ዓላማ የተሰጠ የግል መረጃ ለሌላ ዓላማ እንዳሻው እንዳይውል የወጣ ነው፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አሁን ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ የለኝም። የምፈልገው የተላከው ሲቪ እንዳለ፣ ሳይነካ፣ አብሮት ከሄደው ደብዳቤ ጋር ለእኔም እንዲላክልኝ ነው። ከዚህ ድርጅት ሌላ ለማን ለማን እንደላካችሁትም ይንገሩኝ። ለሌላ አልላክንም ከሆነ መልሱ፣ እንዲያው በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ሲቪዬን፣ ፎቶግራፌንና የትምህርት ማስረጃዎቼን ቅጂ ከመዝገባችሁ አጥፉና ማጥፋታችሁን አሳውቁኝ።

እስከ ሐሙስ ታኅሣሥ 16 ቀን፣ የሥራ ሰዓት ሳያልቅ፣ የማንሻው ደብዳቤ ግልባጭ ካልደረሰኝ ዓርብ ጠዋት ይህን ኢሜይል እንዳለ ለድርጅቱ የሰው ሀብት ክፍል አስተላልፌ ማመልከቻዬን ራሴ አስገባለሁ። ያን ማድረግ አልመርጥም፤ የእናንተንም ስም በማያስፈልግ ቦታ ማንሣት ይሆንብኛል። ለሌላው መልስ እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ልትዘገዩ ትችላላችሁ።

አብረን እንሥራ ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ ለአሁኑ አይሆንም ነው። ወደፊት ጎንደር ውስጥ ላለ ለማንኛውም ሰው ስትሠሩ ግን፣ ቀጣሪው ማን እንደሆነና ምን ሊላክ እንደሆነ ንገሩትና «እሺ» ያለበትን መልእክት አስቀምጡ፤ የአሁን አለቃውንም ስልክ አውጡለት።

መልስዎን በዚህ ኢሜይል ብቻ ይላኩልኝ። በሆቴሉ ስልክም ሆነ በሥራ አስኪያጁ ስልክ እባክዎ አይደውሉ፤ ለገናና ለጥምቀት ቦታ የሚይዙ እንግዶች ይጠቀሙበታል።

ከሰላምታ ጋር፣
ትዕግሥት
ጎንደር