ለእትዬ አስካለና ለልጆችዎ

ደብረ ብርሃን

በጋሽ ታደሰ ሞት በጣም አዝኛለሁ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

11 ቀን አክሜያቸዋለሁ፤ የልብ ድካሙ ግን ከመድኃኒቱ በረታ። እናንተ ከመንዝ ድረስ መጥታችሁ በፈረቃ አደራችሁ። ትራሳቸውን ከፍ እያደረጋችሁ፣ አጥሚቱን በማንኪያ እያጠጣችሁ። ሌሊት እግራቸው ሲበርዳቸው ባናውን የሚደርቡላቸው እርስዎ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር፣ ያንን እኛ አንችለውም ነበር።

«ቀደም ብለን ብናመጣቸው ኖሮ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ልባቸው የደከመው በአንድ ሳምንት አይደለም፤ ለዓመታት ነው። ራስዎን አይውቀሱ።

የሚከነክናችሁ ነገር ካለ ካርዳቸውን አውጥቼ ቁጭ ብለን እንነጋገር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ነኝ። ከአርባው በኋላ ቢሆንም ግድ የለም። መንገዱ ከከበዳችሁ በልጅዎ ስልክ እደውላለሁ።

ዶክተር ሰላማዊት
የውስጥ ደዌ ሐኪም