ሆሚዮስታሲስ፦ የፊዚዮሎጂ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ማጠቃለያ

ሴሎች የሚኖሩት በዙሪያቸው ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነው። የዚህ ፈሳሽ ሙቀት፣ ስኳር፣ ጨውና አሲድነት ከጠባብ ወሰን እንዳይወጣ ሰውነት ያለማቋረጥ የሚያደርገው ቁጥጥር ሆሚዮስታሲስ ይባላል። ስያሜውን ያወጣው አሜሪካዊው ዋልተር ካነን ነው፤ ሐሳቡን ግን ፈረንሳዊው ክሎድ በርናርድ ቀደም ብሎ አንስቶታል።

ከወዲሁ የሚያዙ ቁጥሮች፦ የሰውነት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ምግብ ሳይበላ ተታድሮ የሚለካ የደም ስኳር ከ70 እስከ 99 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ የደም ወሳጅ ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45። ቁጥሮቹ ቆመው አይቀሩም፤ በወሰናቸው ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላሉ።

ማንኛውም ምሳሌ ሲሰጣችሁ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ለውጡን የሚያውቀውን ተቀባይ፣ ከሚፈለገው ልክ ጋር የሚያነጻጽረውን መቆጣጠሪያ፣ እርምጃ የሚወስደውን ፈጻሚ (ጡንቻ ወይም ዕጢ)።

ኔጌቲቭ ፊድባክ

ምላሹ የመጀመሪያውን ለውጥ ይቃወማል። «ኔጌቲቭ» መጥፎ ማለት አይደለም፤ አብዛኛው የሰውነት ቁጥጥር የሚሠራው በዚህ ነው። ጠዋት ፍርፍር በልታችሁ የደም ስኳር ሲጨምር የቆሽት ቤታ ሴሎች ኢንሱሊን ያመነጫሉ (እዚህ ተቀባዩም መቆጣጠሪያውም እነሱው ናቸው)። ጡንቻና ስብ ስኳሩን ያስገባሉ፤ ጉበት ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጠዋል። ስኳሩ ሲወርድ ኢንሱሊኑም ይቀንሳል፤ ተማሪ በፈተና ላይ የሚዘልላት ይህችን እርምጃ ነው፣ ያለእሷ ግን ዙሩ አይዘጋም። በጾም ሰዓት ደግሞ አልፋ ሴሎች ግሉካጎን ይለቃሉ፣ ጉበትም ስኳር ወደ ደም ይመልሳል።

በዓይነት 1 የስኳር በሽታ ቤታ ሴሎች ወድመዋል። ስኳሩ ከ180 ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መምጠጥ ያቅተውና በሽንት ይወጣል፤ ውኃም አብሮት ይሄዳል። ሽንት መብዛቱና ጥማቱ ከዚህ ይመጣል።

ትኩሳትን ከቁጥጥር መበላሸት አትቁጠሩት። ሙቀትን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል፣ ሃይፖታላመስ፣ የሚፈልገውን ልክ ከፍ ስላደረገ ሰውየው 38 ዲግሪ ላይ ሆኖም ይበርደዋል፣ ይንቀጠቀጣል።

ፖዘቲቭ ፊድባክ

ምላሹ ለውጡን ያባብሰዋል፤ ስለዚህ ማቆሚያ ያስፈልገዋል። በምጥ የሕፃኑ ጭንቅላት የማህፀንን በር ይለጥጣል፤ መልእክቱ አንጎል ሲደርስ ከፒቱታሪ ዕጢ ኦክሲቶሲን ይለቀቃል፤ ማህፀን ይኮማተራል፤ መለጠጡ ይብሳል። ዙሩን የሚያቆመው የሕፃኑ መወለድ ነው። ከዚያ በኋላ ማህፀኑ ካልጠነከረ የደም ሥሮቹ ሳይታነቁ ይቀሩና መድማቱ ይቀጥላል፤ ለዚህ ነው እናትየዋ ወዲያው 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በጡንቻ የምትወጋው። የደም መርጋትም እዚሁ ይመደባል።

ማቆሚያ የሌለውም አለ። ጤናማ ጎልማሳ ካለው 5 ሊትር ገደማ ደም 1 ሊትር ቢፈሰው ኔጌቲቭ ፊድባክ አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋመዋል። 2 ሊትር ሲፈስ ግን ግፊቱ ወርዶ ለልብ ጡንቻ ለራሱ የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ልብ ይደክማል፤ ግፊቱ የባሰ ይወርዳል። መድማቱን ለማስቆምና ደም ለመተካት የሚጣደፉት ይህ ዙር ሳይጀምር ለመድረስ ነው።