ስለ ባለ 12 ፌሮ ትእዛዝዎ

ጎንደር፣ ጥር 3 ቀን

ይድረስ ለጋሽ አየልኝ፣
አዘዞ

ጤና ይስጥልኝ ጋሽ አየልኝ። እንኳን ከልደት በዓል በሰላም አሻገረዎ። ዛሬ ደውዬልዎት ሳይት ላይ ስለነበሩ በደንብ መነጋገር አልቻልንም፤ ነገሩ ደግሞ በስልክ ተጣድፎ የሚነገር ስላልሆነ ጻፍኩልዎት።

ለጥር 6 እናደርስልዎታለን ካልነው 180 ቤርጋ ባለ 12 ፌሮ ውስጥ በእጄ ያለው 62 ብቻ ነው። ቀብድዎን ስንቀበል ግቢያችን ውስጥ 182 ቤርጋ ተደርድሮ ነበር። ከዚያ ውስጥ 120ው ግን ሌላ ደንበኛ ቀድሞ ቀብድ የከፈለበትና መኪና እስኪያገኝ ያስቀመጠው ነበር። የሱቃችን ልጅ ሲቆጥር አብሮ ቆጥሮታል። ስህተቱን በልጁ ላይ አልጥልም፤ መዝገቡን አይቶ የሚፈርመው እኔ ነኝ፣ ሳላጣራ ፈርሜያለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣው ጭነት ይሸፍነዋል ብዬ ነበር፤ ትናንት ሲራገፍ ግን ባለ 10 እና ባለ 14 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ዛሬ ጠዋት አራዳ ያሉ ሱቆችን ዞሬ ነበር። አንድ ቦታ 40 ቤርጋ «ባለ 12» አገኘሁ፤ ሚዛን ላይ ሳወጣው አንዱ 9.6 ኪሎ ሆነ። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ትክክለኛ ባለ 12 ፌሮ 10.66 ኪሎ አካባቢ መመዘን አለበት። ከብረቱ አንድ አሥረኛው ያህል ጎደለ ማለት ነው፣ በዓይን ደግሞ አይለይም። ልጆችዎ የሚያድጉበት ቤት ላይ ይህን አላስገባም ብዬ ትቼው መጣሁ። እርስዎም ከሌላ ቦታ ለመግዛት ቢያስቡ፣ ከማስጫንዎ በፊት አንድ ቤርጋ አስመዝኑ።

አሁን ማድረግ የምንችለው ይህ ነው። በሰጡን ዝርዝር መሠረት ለቢምና ለደረጃ የሚገባው 60 ቤርጋ ነው። ያለውን 62ቱን በቃላችን መሠረት ጥር 6 አደርስልዎታለሁ፤ ቢሙ በታሰበው ብረት ይሠራል፣ የሚተርፉት ሁለት ቤርጋዎች መጠባበቂያ ይሆናሉ። ለሶሌታው የሚያስፈልገውን 120 ግን በባለ 10 መተካት ይቻላል። የባለ 12 የቁርጡ ስፋት 113 ካሬ ሚሊ ሲሆን የባለ 10 ደግሞ 78.5 ነው፤ ስለዚህ አንዱን በአንድ መተካት አይሆንም። አሁን በ20 ሴንቲ ክፍተት የታሰበው ወደ 13 ሴንቲ ይጠባል፣ ቤርጋውም 185 ይሆናል። ሲመዘን ከመጀመሪያው ትእዛዝ 90 ኪሎ ያህል ይበልጣል፤ የዚህን ትርፍ ዋጋ ሱቁ ይችላል፣ እርስዎ የሚከፍሉት በተስማማነው ነው። ለማሠር ግን የሠራተኛ ጊዜ ይጨምራል፣ እሱን አልደብቅዎትም።

ባለ 14ም አለኝ፣ ግን ለሶሌታ አልመክርም። በቁርጡ ስፋት ልክ ቢሰላ ክፍተቱ ወደ 27 ሴንቲ ይሰፋል፤ ሶሌታ ላይ ብረቱ ተቀራርቦ ቢቀመጥ ስንጥቅን ይቀንሳል። የትኛውም ቢሆን መሐንዲስዎ ፕላኑ ላይ አይቶ ካልፈረመ አላስጭንም። ቁጥሩን ጽፌ አያይዤልዎታለሁ፣ እሱ በራሱ ያስላው።

ባለ 12ቱን መጠበቅ ከፈለጉ ቀኑ ጥር 17 ነው። ቀድሜ ልል እችል ነበር፤ ነገር ግን ከጥር 10 እስከ 12 ከተማዋ በጥምቀት እንግዳ ትሞላለች፣ ሹፌሮቹም ለበዓሉ ከቤታቸው መሆን ይፈልጋሉ። ጭነቱ ጥር 14 ከአዲስ አበባ ይነሳል፣ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ መሐል ላይ ማደሩ አይቀርም። ጥር 17 ማታ ድረስ ካልገባ፣ ያልደረሰልዎትን ብረት ቀብድ በማግስቱ ጠዋት ሙሉውን እመልሳለሁ። ዋጋው በጭራሽ አይነካም።

ይህን ከመረጡ ጥር 14 ያሰቡት የሶሌታ ሙሌት ይገፋል። ፌሮ ለማሠር ሦስት አራት ቀን ቢፈጅ ጥር 21 ላይ ይወድቃል፤ እሱ ደግሞ አስተርእዮ ማርያም ስለሆነ ሠራተኛ አይገኝም፣ ጥር 22 ይሻላል። የጣውላውና የባሕር ዛፍ ድጋፉ ኪራይ በየቀኑ እንደሚቆጥር አውቃለሁ። ለዚህ ነው እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ባለ 10ን የምመርጠው፣ መሐንዲሱ እሺ ካለ።

185ቱን ባለ 10 ለይቼ ስምዎን ጽፌበታለሁ፤ እስከ ጥር 5 ማታ ለማንም አይሸጥም። እስከዚያ አንድ ቃል ይላኩልኝ፤ እሺ ካሉ ጥር 6 ጠዋት ከ62ቱ ጋር በአንድ አይሱዙ ተጭኖ ይመጣል፣ የማመላለሻው በእኛ ነው። ሁለቱንም ካልፈለጉና ቀብድዎን ከመረጡም ቅር አይለኝም፣ ሱቅ ይምጡ ወይም በባንክ ላስገባልዎት።

ልጅዎ አዲሱ
አራዳ፣ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቁ