ለትከሻዎና ለዳሌዎ የተዘጋጀ የ6 ሳምንት ፕሮግራም

ቀኑን ሙሉ ሂሳብ ላይ አቀርቅረው ስለሚውሉ ትከሻዎ ወደ ፊት ዞሯል፤ የዳሌዎ የፊት ጡንቻዎችም ጠብቀዋል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሥራ መልስ 25 ደቂቃ ይበቃል።

መጀመሪያ ደረት። ክንድዎን የበር መቃን ላይ አስደግፈው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይራመዱ። በየጎኑ 30 ሰከንድ፣ 2 ጊዜ። ቀጥሎ የስፖርት ላስቲክ ከጠንካራ ነገር ጋር አስረው ወደ ሆድዎ ይሳቡ። 12 ጊዜ፣ 3 ዙር። ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ እንዳይወጣ።

ዳሌው ላይ አይቸኩሉ። ቀኝ ጉልበትዎን ትራስ ላይ አንበርክከው ግራ እግርዎን ከፊት ይትከሉ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ወገቡን ይለጥጣል፤ ያ ወገብን ከማሳመም በቀር ዳሌውን አያፍታታም። መጀመሪያ ቂጥዎን ጭምቅ ያድርጉ፤ ከዚያ ጥቂት ብቻ ወደ ፊት ይጠጉ። ከጭንዎ በላይ፣ ከፊት በኩል መሳብ ከተሰማዎ በትክክል ሠርተዋል። 40 ሰከንድ፣ 2 ጊዜ፤ ከዚያ እግር ይቀይሩ።

በመጨረሻ በጀርባዎ ተኝተው፣ ጉልበት አጥፈው ዳሌዎን ያንሱ። 12 ጊዜ፣ 3 ዙር።

ቢሮ ውስጥ በየ45 ደቂቃው ይነሱ፤ ቡናዎንም ቆመው ይጠጡ። ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ጠንከር ያለ ላስቲክ ይያዙ። እጅዎ ወይም እግርዎ ከደነዘዘ ያቁሙና ሐኪም ያማክሩ።