ለታቀደ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና የቅድሚያ ፈቃድ ጥያቄ

ቁጥር፦ ቀ/ሕ/214/18
ቀን፦ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጤና መድን የካሳ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአባልነት ቁጥራቸው 30718 ለሆነው ታካሚ የቀዶ ሕክምና ወጪ ሽፋን የቅድሚያ ፈቃድ ስለመጠየቅ

የ47 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ታካሚያችን በአሠሪ ድርጅታቸው በኩል የመድናችሁ ተጠቃሚ ሲሆኑ፣ ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በሆስፒታላችን የታይሮይድ ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣላቸው ቀጠሮ ተይዞላቸዋል።

ታካሚዋ እንቅርቱ ከወጣባቸው 11 ዓመት ሆኗቸዋል። የታይሮይድ ሆርሞን መጠናቸው ጤናማ ነው፤ በመርፌ የተወሰደው ናሙናም ካንሰር አላሳየም። እንግዲህ ቀዶ ሕክምናው አሁን ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ምክንያቱ የእንቅርቱ መልክ ሳይሆን፣ ወደ ደረት ውስጥ ወርዶ የአየር ቧንቧቸውን መጫኑ ነው። ጥቅምት 11 ቀን በተነሣው ሲቲ ስካን፣ ከተጫነው ቦታ በላይ 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ እጅግ በጠበበበት ቦታ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ወርዶ ታይቷል። ታካሚዋ ላለፉት 5 ወራት በጀርባቸው ተኝተው መተንፈስ ስላልቻሉ በሦስት ትራስ ተደግፈው ያድራሉ፤ እንጀራም ያለ ውኃ አይወርድላቸውም። በመዝገባችሁ «አስም» ተብሎ የሚገኘው የቀድሞ ምርመራ የዚሁ ችግር ምልክት እንደነበር እናምናለን፤ ለ4 ወራት የወሰዱት የሚነፋ መድኃኒት ምንም ለውጥ አላመጣላቸውምና።

ሌሎች አማራጮችንም መርምረናል። የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን ይህን ያህል ያደገ እንቅርት በበቂ ሁኔታ አያሳንስም፤ መጠኑ ሲጨመርም የልብ ምትንና አጥንትን ይጎዳል። ጨረራማ አዮዲን የሚሠራው በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ ነው፤ መጀመሪያ ላይ እብጠት ሊያስከትል ስለሚችልም በዚህ ደረጃ ለጠበበ የአየር ቧንቧ አደገኛ ነው። በክትትል ብቻ ማቆየትም አያዋጣም፤ በእንቅርቱ ውስጥ ድንገት ደም ቢፈስ ወይም የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ቢከሰት ቧንቧው ሊዘጋ ይችላል፤ ያን ጊዜ በጥድፊያ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ለታካሚዋ እጅግ የከፋ፣ ለመድን ድርጅቱም የበለጠ ወጪ የሚጠይቅ ይሆናል።

ማደንዘዣው በጠበበ ቧንቧ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ሌሊት በፅኑ ሕሙማን ክፍል፣ ሁለት ሌሊት ደግሞ የካልሲየም መጠናቸው እየተለካ በመደበኛ ክፍል መቆየታቸው የግድ ነው። ፈቃድ የምንጠይቅበት ጠቅላላ ወጪ 180,000 ብር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ለቀዶ ሕክምናና ለማደንዘዣ 118,000፣ ለፅኑ ሕሙማን ክፍል 18,000፣ ለመደበኛ ክፍል 10,000፣ ለላቦራቶሪና ለፓቶሎጂ 9,500፣ ለመድኃኒትና ለአላቂ ዕቃዎች 24,500 ብር ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዕድሜ ልክ የሚወሰደው የሆርሞን ክኒን በዚህ ሒሳብ አልተካተተም።

የሲቲ ስካን፣ የናሙናና የሆርሞን ምርመራ ውጤቶች እንዲሁም የታካሚዋ የፈቃደኝነት ፊርማ ከዚህ ደብዳቤ ጋር 9 ገጽ ሆነው ተያይዘዋል። የደምና የማደንዘዣ ዝግጅቱን ለማጠናቀቅ ውሳኔያችሁ እስከ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በጽሑፍ እንዲደርሰን፣ በሕክምናው አስፈላጊነት ላይ ጥርጣሬ ካለም ጥያቄው ውድቅ ከመደረጉ በፊት ሐኪማችሁ ከቀዶ ሐኪማችን ጋር በቀጥታ እንዲነጋገሩ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለመድንና ክፍያ ክትትል ክፍል
ለታካሚዋ ማኅደር