የአንድ ሊትር ልዩነት

ፈታኙ መምህር «10 ደቂቃ ቀርቷችኋል፤ ስማችሁንና የመታወቂያ ቁጥራችሁን መጻፋችሁን አረጋግጡ» ሲሉ ትዕግሥት ወረቀቷን ሰብስባ ለመነሣት ተዘጋጅታ ነበር። የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ናት። የዕለቱ ፈተና ስለ ኢንፌክሽን መከላከል ሲሆን፣ ከፍተኛውን ነጥብ የያዘው ጥያቄ በረኪናን በውኃ ስለማቅጠን የቀረበው የስሌት ጥያቄ ነበር።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ በአንድ ጤና ጣቢያ የሚገኘው በረኪና 5 በመቶ ክሎሪን አለው። (ሀ) ያገለገሉ የሕክምና መሣሪያዎች የሚዘፈዘፉበት 10 ሊትር የ0.5 በመቶ ድብልቅ ለማዘጋጀት ስንት ሊትር በረኪናና ስንት ሊትር ውኃ ያስፈልጋል? (ለ) ከዚሁ ድብልቅ ተነሥቶ ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን 10 ሊትር የ0.05 በመቶ ድብልቅ እንዴት ይዘጋጃል?

መልሷ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። 5 ለ0.5 ሲካፈል 10 ይሆናል፤ ስለዚህ 1 ሊትር በረኪና በ10 ሊትር ውኃ። ለሁለተኛውም በተመሳሳይ መንገድ ከድብልቁ 1 ሊትር፣ ውኃ 10 ሊትር። ማካፈሉ ትክክል ነበር፤ በዚህም ምክንያት ደጋግማ ብታየውም ዓይኗ ስሕተት አላገኘበትም።

የመታወቂያ ቁጥሯን ለማየት የፊተኛውን ገጽ ስትገልጥ ግን ጥያቄው ውስጥ ያለው «10 ሊትር» እና እርሷ የጻፈችው «10 ሊትር ውኃ» ጎን ለጎን ታዩዋት። የተጠየቀው የድብልቁ ጠቅላላ መጠን ነው። በእርሷ አሠራር ውኃው ብቻውን 10 ሊትር ሆኖ በረኪናው ሲጨመርበት 11 ይሞላል። ወዲያውም ለተግባር ልምምድ በተመደበችበት ጤና ጣቢያ ያየችው ባለምልክት ባልዲ ትዝ አላት፤ ሲስተሯ ጎንበስ ብለው ውኃውን 9 ቁጥር ላይ ካቆሙ በኋላ፣ በረኪናው ተጨምሮበት ከፍታው ልክ 10 ላይ እስኪደርስ ድረስ ዓይናቸውን ከምልክቱ አላነሡም ነበር።

«አምስት ደቂቃ!» አሉ መምህሩ።

ጥርጣሬዋን በቁጥር ማረጋገጥ ነበረባት። 5 በመቶ ማለት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ግራም ስለሆነ፣ በ1 ሊትር በረኪና ውስጥ 50 ግራም ክሎሪን አለ። ይህ በ11 ሊትር ሲከፋፈል በሊትር 4.5 ግራም ገደማ፣ ማለትም 0.45 በመቶ ይሆናል። በሁለተኛው ደረጃ ያው ስሕተት በላዩ ሲደገምበት 0.05 መሆን የነበረበት ወደ 0.041 ይወርዳል። የመጀመሪያው ጉድለት አንድ አሥረኛ እንኳ ሳይሞላ፣ የሁለተኛው ወደ አንድ አምስተኛ ተጠግቷል። በሥራ ቦታ ቢሆን ይህን የሚያጋልጥ ነገር አይኖርም፤ ድብልቁ እንደ በረኪና ይሸታል፣ መሣሪያውም ለ10 ደቂቃ ተዘፍዝፎ ይወጣል፣ የሚያጥበውም ሰው መለያው ላይ የተጻፈውን አምኖ እጁን ይሰዳል። ስሕተቱ ሊያዝ የሚችለው ወረቀት ላይ ሳለ ብቻ ነው።

ማካፈሉ የሚሰጠው የጠቅላላውን ክፍል ብዛት ነው፤ የውኃውን ለማግኘት ከዚያ ላይ የበረኪናውን 1 ክፍል መቀነስ ያስፈልጋል። 10 ሲቀነስ 1፣ 9።

የቀድሞውን መልስ አልደለዘችውም። በልምምድ ወቅት በመዝገብ ላይ እንደሚደረገው፣ የተሰረዘው እንዲነበብ አድርጋ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረችበትና ከሥሩ ጻፈች፦ «(ሀ) በረኪና 1 ሊትር፣ ውኃ 9 ሊትር፣ ድምር 10 ሊትር። (ለ) ከ0.5 በመቶው ድብልቅ 1 ሊትር፣ ውኃ 9 ሊትር፣ ድምር 10 ሊትር። ማረጋገጫ፦ 50 ግራም ለ10 ሊትር ሲካፈል በሊትር 5 ግራም፣ ይህም 0.5 በመቶ ነው።» ለሁለተኛው ማረጋገጫ ለመጻፍ እስክሪብቶዋን እንዳነሣች መምህሩ ከፊቷ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«መምህር፣ አንድ መስመር ብቻ ቀርቶኛል።»

ሰዓታቸውን ተመለከቱ። «ሌሎቹን እስክሰበስብ ጨርሺ» ብለው ወደ ቀጣዩ ረድፍ አለፉ። እርሷም «5 ግራም ለ10 ሊትር፣ በሊትር 0.5 ግራም፣ 0.05 በመቶ» ብላ ጻፈች። ተመልሰው ሲመጡ ወረቀቱን ተቀብለው የተሰረዘውን ቦታ አዩና፣ «ምን አግኝተሽበት ነው?» አሏት።

«11 ሊትር ሆኖብኝ ነበር መምህር» አለቻቸው።

እርሳቸውም ወረቀቷን ከሌሎቹ ላይ ደርበው፣ እንድትፈርም የፈተና መቆጣጠሪያውን ቅጽ አቀረቡላት።